የሊንኩ ጭራ

ማስታወቂያ ድርጅቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ባለጭራዋ» ነው የሚላት። ለሰው የሚላክ ሊንክ ባየች ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ጭራው የታለ?» ስለምትል ነው። ጭራ የምትለው ከሊንኩ መጨረሻ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ የሚቀጠለውን ጽሑፍ ነው። በሙያው ዩቲኤም ይሉታል። ሰው ሊንኩን ሲጫን ጭራው አብሮት ይሄድና ጎብኚ ለሚቆጥረው ሲስተም «ይሄ ሰው የመጣው በስልክ መልእክት ነው፤ ዘመቻውም ይሄኛው ነው» ብሎ ይናገራል። ጭራ ከሌለው እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጠራው አይታወቅም፤ ገጹን አይቶ ውልቅ ነው።

ድሮ ጭራውን በእጃቸው ነበር የሚቀጥሉት። አንዱ በትልቅ ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው በትንሽ፣ አንዷ ጭራሽ ትረሳዋለች። ሪፖርቱ አንዱን ዘመቻ ሦስት ቦታ በታትኖ ያመጣል። ባለጭራዋ በየወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ተቀምጣ ያንን ስትለቅም ትውል ነበር። ታከታት። መልእክት በሚልኩበት ሲስተም ውስጥ አንድ ደንብ ሠራች፦ ከድርጅቱ የሚወጣ ሊንክ ሁሉ ማንም ሳይነካው ጭራ ይበቅልለታል። ምንጩን ራሱ ይሞላል፣ መንገዱን ራሱ ይሞላል፤ የዘመቻውን ስም ደግሞ የተቀባዮቹ ስልክ ከተቀመጠበት ዝርዝር ርዕስ ይወስዳል። ዝርዝሩ «የጥርስ-ደንበኞች» ከተባለ ዘመቻውም «የጥርስ-ደንበኞች» ይሆናል። አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር። አለቃዋ በስብሰባ አመሰገናት፤ እሷም ለሳምንት ያህል ደረቷን ነፍታ ከረመች።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር ነው ጉዱ የመጣው።

ከደንበኞቻቸው አንዱ የዓይን ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በየጊዜው ለታካሚዎቹ አጭር መልእክት ያስልካል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ዓይንዎን ለመንከባከብ የሚረዳ መመሪያ እዚህ ያገኛሉ»፤ ከሥሩ አጭር ሊንክ። ዝርዝሮቹን እያዘጋጀች ወደ ሲስተሙ የምታስገባው የሆስፒታሉ ሲስተር ነች። ባለጭራዋ የምታየው ስንት ሰው እንደተላከለትና ስንት ሰው እንደገባ ነው።

የዚያን ቀን ከምሳ በፊት ሪፖርቱን ከፈተች። ከትናንት ጠዋቱ መልእክት አንዱ ለስልሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር የተላከው። ገጹን የጎበኙት ሰዎች ግን መቶ ሠላሳ ስምንት ናቸው። አንድ ሰው ደጋግሞ ከፍቶት እንዳይሆን ብላ አጣራች። አይደለም፤ አብዛኞቹ የተለያዩ ስልኮች ናቸው። ሰው ተቀብሎ ለሰው እያስተላለፈው ነው ማለት ነው። ደስ አላት። አለቃዋ ክፍል ብቅ ብላ ነገረችው፤ እሱም ይሄንንማ ለሆስፒታሉ እንድትጽፍላቸው አዘዛት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስልኳን አነሳች። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያላየቻቸው ብዙ መልእክቶች ተከማችተዋል። ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ አንድ ነገር ልኳል። «ለእማዬ ዓይን ይጠቅማታል፤ አንብቡላት» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለ።

ገጹን አወቀችው። የሆስፒታሉ መመሪያ ነው። ጋሼ አጭሩን ሊንክ ተጭኖ ገጹ ከተከፈተለት በኋላ ከዚያው ላይ ነው ያጋራው፤ ስለዚህ የመጣው ሙሉው ረጅሙ አድራሻ ነው፤ ከነጭራው። በልማዷ ዓይኗ ወደ ጭራው ሄደ። በላቲን ፊደል፣ በሰረዝ እየተያያዘ እንዲህ ይላል፦ ግላኮማ-የከፋ-መንዳት-የተከለከሉ።

ጋሼ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው።

ግላኮማ ዓይን ቀስ በቀስ የሚያሳውር በሽታ መሆኑን ታውቃለች። እንደገና አነበበችው። ሪፖርቱ ላይም ይኸው ስም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ቢያንስ አሥር ጊዜ አይታዋለች። ግን ለእሷ ይሄ የሠንጠረዥ መስመር ነው፤ ሰው አይደለም። ሲስተሯ ዝርዝሩን ለራሷ እንዲመቻት ሰይማዋለች፤ ባለጭራዋ የሠራችው ደንብ ያንን ስም ከመሳቢያው አውጥቶ በስልሳ አንድ ሰው ስልክ ላይ ለጥፎታል። ስልሳ አንዱ ደግሞ ሳያውቁት ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለባልደረባ አዳርሰውታል። ያ ደስ ያሰኛት መቶ ሠላሳ ስምንት ይሄ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

እጇ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ዝርዝሩን ከፍታ የወንድሟን ስልክ ቁጥር ብትፈልግ ታገኘዋለች። እጇን መልሳ ሰበሰበችው። በአንድ ጥፋት ላይ ሌላ መጨመር ሆኖ ታያት። ደግሞ ምናልባት የተላከው ለእሱ ሳይሆን ከሌላ ሰው ደርሶት ይሆናል ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች።

ያን ማጽናኛ ይዛ ብዙ አልቆየችም። የጋሼ ሚስት ደወለች። አስተማሪ ነች፤ ተማሪ ያጠፋውን ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማታልፍ። ሰላምታም አላበዛች።

«አንቺ የኮምፒውተር ሰው ነሽ። ያ ወንድምሽ የላከው ነገር መጨረሻው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«የቱ?» አለች ባለጭራዋ፤ ጊዜ ለመግዛት።

«መንዳት የተከለከሉ ይላል። ማነው የተከለከለው? እሱ ሦስት ወር ሙሉ ጠብታ ዓይኑ ላይ ሲያደርግ ለአቧራ ነው ብሎኛል።»

ባለጭራዋ መዋሸትም አልቻለች፤ እውነቱን መናገርም የእሷ አልነበረም። «መጀመሪያ ከራሱ ጋር ላውራ፣ ዛሬውኑ ትሰሚያለሽ» አለቻት። የወንድሟ ሚስት ስልኩን ዘጋችው።

ሰዓቱን አየች። ጋሼ የሚያመላልሳቸው ልጆች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

አለቃዋ ክፍል ስትገባ መልኳን አይቶ ተነስቶ ቆመ። የወንድሟን ነገር አላነሳችም፤ ሌላውን ግን አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ሰውየው እየሰማ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የታካሚዎች በሽታ ሊንክ ላይ ተጽፎ ወጥቷል፤ ለጎብኚ መቁጠሪያው ድርጅትም አብሮ ደርሷል።

«ደንቡን አጥፊው» አለ አለቃዋ።

ደንቡን አጠፋችው። አጭሩ ሊንክ የሚወስድበትን አድራሻ መቀየር ይቻል ስለነበር ጭራ ወደሌለው ገጽ አዞረችው፤ ከአሁን ወዲያ ዋናውን መልእክት የሚጫን ሰው ምንም አያይም። የሆስፒታሉን ገጽ የሚሠራው ባለሙያም ገጹ እንደተከፈተ ጭራውን ከአድራሻው ላይ እንዲያራግፍ ተነገረው። ቀድሞ ተገልብጦ በየግሩፑ የተበተነው ግን ከሰው ስልክ ውስጥ ተለቅሞ አይወጣም። የፈሰሰ ውሃ ነው። ሲስተሯን አለቃው ራሱ ሊደውልላት ስልኩን አነሳ፤ ባለጭራዋ የቤተሰብ ችግር አለብኝ ብላ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ ለሹፌሩ ሁለት ጊዜ ተሳስታ መንገድ ነገረችው። ጋሼ ከእሷ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ መሪ የጨበጠው እሷ ክፍል እንድትቆጥር ብሎ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት መኪና አልጫረም። ይህን ራሱ ሲያወራ መስማት ሰልችቷቸው «ደግሞ ጀመረ» ይሉት ነበር።

አውቶቡሶቹ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ተደርድረዋል። ጋሼ የራሱን አውቶቡስ የጎን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ ነበር። በቀኙ በኩል መጥታ ቆመች። አላያትም። «ጋሼ» ስትለው ነው ደንገጥ ብሎ ሙሉ አካሉን ያዞረው።

«ምነው በደህና? እማዬ ምን ሆነች?»

እማዬ ደህና እንደሆነች ነግራው ወደ አውቶቡሱ ገብተው እንዲቀመጡ ለመነችው። እሱ ከሾፌሩ ወንበር፣ እሷ ከበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ መንዳት አቁም ተብለሃል?»

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጠፈው። እንደገና ዘረጋው።

«ማን ነገረሽ?»

ስልኳን ሰጠችው። ፊቱን ዘንበል አድርጎ፣ ስልኩን ወዲህ ወዲያ እያንቀሳቀሰ፣ የጭራውን ፊደላት አንድ በአንድ ሲለቅም ቆየ። አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን መለሰላት።

«ይሄ እኔ የላክሁት ነው።»

«አዎ።»

«በገዛ እጄ ነዋ የለፈለፍሁት።»

«አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ» አለችው። ሆስፒታሉ ደንበኛቸው እንደሆነ፣ ሊንኮቹ ላይ የዝርዝሩን ስም የሚቀጥለውን ደንብ የሠራችው እሷ እንደሆነች፣ ስሙ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ቆም ብላ እንዳላሰበችበት አንድ በአንድ ነገረችው። ሊቆጣት ይችላል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የጠየቃት ሌላ ነገር ነው።

«ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይሄን ያያል?»

«ልብ ብሎ ካየ ያያል።»

«ለሾፌሮቹ ግሩፕም ልኬዋለሁ» አለ። «ዛሬ ጠዋት። ሁላችንም ዓይናችንን እንጠብቅ ብዬ። የስምሪት ኃላፊውም እዚያ አለ።»

ከሕንፃው ውስጥ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ በኅብረት የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት እያየ መናገር ጀመረ። ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ ያያል፤ ጎን ለጎኑ ነው የጠፋበት። ሐኪሙ ቱቦ ውስጥ ሆኖ እንደማየት ነው ብሎታል። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ መንገዱን ደግሞ በቃሉ ይዞታል፤ ቀስ ብዬ ብነዳ ምን እሆናለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ድምፁ ወረደ።

«ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ወርዳ በቀኝ በኩል ስትዞር አላየኋትም። መኪናው ቦርሳዋን መታው። ቦርሳዋን ብቻ። ወድቃ ተነሳች፤ ሳቀች። ለማንም አልተናገርሁም።»

ባለጭራዋ አፏን በመዳፏ ከደነች። ይሄን ሁሉ መንገድ ስትመጣ የራሷን ጥፋት ብቻ ነበር የምታሰላው። የተከለከለ ሰው መሪ ላይ መቀመጡን እንጂ ልጅ መነካቷን አላሰበችም። የምታውቀው ሰው ከፊቷ ተነስቶ ሌላ የተቀመጠ መሰላት።

ደወሉ ተደወለ።

ጋሼ ቁልፉን ነቀለ። ለረጅም ጊዜ እጁ ውስጥ ይዞት ቆየ፤ ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ ነው የመሰላት። «ሰው ከሚነግረው እኔ ልንገረው» አለና ወረደ። ወደ ስምሪት ቢሮ ሲሄድ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር።

ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ባለጭራዋ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ አገደቻቸው። ሾፌራችን የታለ አሏት፤ ይመጣል ጠብቁ አለቻቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ ክርኗን ሳብ አድርጋ «አክስቴ» አለቻት። የጋሼ ልጅ ነበረች። በየቀኑ ወደ ቤቷ የምትሄደው በዚሁ አውቶቡስ ነው። ባለጭራዋ ይህን ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትዝ አላላትም። እጇን ጨብጣ ያዘቻት፤ ሌላ ሹፌር እስኪመጣም አልለቀቀቻትም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የስምሪት ኃላፊው ሌላ ሹፌር ይዞ መጣ። ከኋላው የሚከተለውን ጋሼን አላየውም፤ ባለጭራዋንም አላያትም። ቀና ብሎ ልጆቹን ብቻ በዓይኑ ቆጠረ። የሾፌሮቹን ግሩፕ ገና እንዳላነበበው በኋላ ነው የታወቀው።

ሦስቱም ጋሼ ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የጠብታውን ብልቃጥ ከጠረጴዛው ላይ አቁማ ተቀምጣ ነበር። የመድኃኒቱን ወረቀት ዘርግታ አንብባዋለች። ጋሼ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ የቦርሳዋን ነገር ሳይቀር። አልጮኸችም። ልጇን ጠርታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻትና ፀጉሯን እየነካካች «ይቺም እዚያ ውስጥ ነበረች» አለች። ከዚያ ወደ ባለጭራዋ ዞራ፣ ሌላ ስንት ቤት እንዲህ ሆኗል ብላ ጠየቀቻት። ባለጭራዋ ቁጥሩን ታውቀዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄደች። ሲስተሯ ዕድሜዋ የገፋ፣ ረጋ ያለች ሴት ነች። ሌሊቱን ያልተኛች ትመስላለች።

«እኔ እኮ ስሙን የጻፍሁት ለራሴ ነበር» አለቻት። «ከዚህ ይወጣል ያለኝ ሰው የለም።»

«አልነገርሁሽም» አለች ባለጭራዋ።

ስልሳ አንዱንም ሰው በስልክ ይቅርታ ለመጠየቅ ወሰኑ። የምትደውለው ሲስተሯ ናት፤ ስማቸውን ለባለጭራዋ አላሳየቻትም። ባለጭራዋ ግን ስለ ሊንኩ የሚጠይቅ ካለ እንድታስረዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ መልእክቱን ያስተላለፉበትን ቦታ አስታውሰው እንዲያጠፉት፣ ማጥፋት ካልቻሉም ለተቀባዮቹ እንዲደውሉ ትነግራቸው ነበር። ብዙዎቹ ሊንኩ ላይ ምን እንደተጻፈባቸው ገና ከሲስተሯ አፍ ነው የሰሙት። አንዳንዶቹ ሰደቡ። አንዲት ሴት አመሰግናለሁ ብላ ዘጋች፤ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባቸውም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ግን በረጅሙ ተነፈሰና «ልጄ ነው ያነበበው» አላቸው። «እራት ላይ ሆነን፣ አባዬ ልትታወር ነው እንዴ አለኝ። ለማንም አልነገርሁም ነበር።» ሲስተሯ ስልኩን ከዘጋች በኋላ መነጽሯን አውልቃ ለትንሽ ጊዜ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ቀጣዩን ቁጥር ደወለች። ሦስት ሰው አላገኙም።

ሆስፒታሉ ከድርጅቱ ጋር የነበረውን ሥራ በዚያው ሳምንት አቋረጠ። የጎብኚ መቁጠሪያው ድርጅት የዚያን ዘመቻ መረጃ እንዲሰርዝ ተጠየቀ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሰረዙን ጽፎ አሳወቀ። ባለጭራዋን አላባረሯትም። ደንቡን ግን እንደ አዲስ ሠራችው፦ ጭራው አሁንም ራሱ ይቀጠላል፤ የዘመቻው ስም ግን ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ቢሮ ውስጥ ይቀራል። ማንኛውም መልእክት ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰው ሊንኩን በገዛ ስልኩ ከፍቶ፣ አድራሻውን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቦ ይፈርማል። ባልደረቦቿ ቅጽል ስሟን መጥራት ተዉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጋሼን ትምህርት ቤቱ አላሰናበተውም፤ መሪ ግን ዳግም አልጨበጠም። ቦርሳዋ የተመታባትን ልጅ ቤተሰብ ራሱ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። እንዴት እንደተቀበሉት ለማንም አላወራም። ስምሪት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መስመሮቹን ያወጣል፤ የትኛው ጥግ ላይ ልጅ ማውረድ እንደማይገባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእህቱ ጋር ግን ለወራት ያህል ከደህና ነሽ በላይ አልተነጋገሩም።

ከአራት ወር በኋላ የምርመራ ቀጠሮው ሲደርስ ሚስቱ የክፍል ፈተና ነበረባት። ባለጭራዋን ሂጂለት አለቻት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በቀኙ በኩል ልትቀመጥ ስትል እጇን ይዞ ወደ ግራው አዞራት፤ የቀኙ ጭርሱን አይታየውም።

«ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ…» አለና ተወው። ቆይቶ ቀጠለ። «ልጆቹን አስባለሁ። አንቺ ላይ ግን አሁንም ሆዴ አልሻረም። ሳልናገር ነው የተነገረብኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማወቅሽን አውቃለሁ።»

ሲስተሯ ከበሩ ብቅ ብላ ስሙን ሳትጠራ የያዘውን የተራ ቁጥር ጠራች። ጋሼ ተነሳ፤ ጃኬቱን አውልቆ እቅፏ ላይ አስቀመጠላትና ገባ።